«ሃያ አምስቱ እነማን ናቸው?» የሳይንስ ጥናትን ሳይንስ ላልተማረ ሰው አሳጥሮ መጻፍ

ሐዋሳ የምኖርበት ግቢ ባለቤት እማማ ናቸው። ስማቸውን ተከራዩ ሁሉ ረስቶታል፤ እማማ ብቻ ነው የምንላቸው። መስከረም ላይ የልጅ ልጃቸውን ወባ ይዞት ሲያቃጥለው ሰነበተ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ስለ አንድ የወባ ክትባት የወጣ ጥናት በአማርኛ አሳጥሬ እንድጽፍ ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ደስ አለኝ። ቡና ላይ አነበብኩላቸው።

«ክትባቱ ከመቶ ሕፃናት ሰባ አምስቱን ከወባ ይከላከላል» የሚለው ጋ ስደርስ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱት።

«ቆይ ልጄ፣ ሃያ አምስቱ እነማን ናቸው? የኛ ልጅ ከየትኛው ወገን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ማታ ጥናቱን እንደገና ከፍቼ ሳየው ጥፋቱ የጥያቄው ሳይሆን የኔ ዓረፍተ ነገር ነበር። ጥናቱ እንደዚያ አላለም። ከዚያ ወዲህ ጥናት ሳሳጥር የምከተለውን መንገድ በዚሁ ጥናት ላይ እያሳየሁ ልንገራችሁ። ጥናቱ አር21 የሚባለው የወባ ክትባት ሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል።

አንደኛ፦ አብስትራክቱን አንብቡ፣ ግን ከሱ አትጻፉ

አብስትራክት ማለት ጥናቱ መጀመሪያ ላይ ያለችው አጭር ማጠቃለያ ናት። ብዙ ሰው እሷን ተርጉሞ «አሳጠርኩ» ይላል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ችግሩ አብስትራክት የተጻፈው ለሙያው ሰዎች መሆኑ ነው። ጸሐፊዎቹ አንባቢያቸው የሚያውቀውን ሁሉ ዘለውታል። እማማ የሚፈልጉት ደግሞ ያንኑ የተዘለለውን ነው።

ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ወረቀት ያዙና ሁለት ነገር ብቻ ገልብጡ። አንዱ ጥናቱ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የመጣው ቁጥር ነው፤ እንዳለ፣ ሳታጠጋጉ፣ ከጎኑ ካለው ማብራሪያ ጋር። ከዚህ ጥናት የገለበጥኩት ይህን ነው፦ ክትባቱ ልጆችን በወባ ከመታመም ያድናል ወይ? በአንድ ዓመት ውስጥ ወባ በወቅት በሚነሣባቸው ቦታዎች 75 በመቶ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚኖርባቸው ቦታዎች 68 በመቶ።

አያችሁ፣ ቁጥሩ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፌ 68ን ጭራሽ አላነሣም። ትልቁ ቁጥር ዓይን ይስባል፣ ብዕርም ይከተለዋል። ልዩነቱ ግን ትርጉም አለው። ወባ በወቅት በሚነሣባቸው ቦታዎች ልጆቹ የተከተቡት የወባው ወቅት ሊገባ ሲል ነው። ክትባቱ ገና ትኩስ የሆነባቸው ወራት ወባው ከሚበረታባቸው ወራት ጋር ገጠሙ። በሌሎቹ ቦታዎች ግን ክትባቱ ወቅት ሳይጠብቅ ነው የተሰጠው። ሐዋሳ የትኛውን ትመስላለች? በአገራችን ወባ በብዛት የሚበረታው ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ግን ከሰሐራ በታች እንዳለው ደረቅ አካባቢ ወቅቱ ጥርት ብሎ የተለየ አይደለም፤ ከበልግ በኋላም ይነሣል። ስለዚህ አንዱን መርጬ ሌላውን የመደበቅ መብት የለኝም። ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ሁለተኛ፦ ወደ አሠራሩ ክፍል ሂዱ

ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ነው። አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፤ ደረቅ ስለሆነ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጽፈው ይህን ክፍል ነው፤ ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ስለሆነ። የምፈልገው የአምስት ጥያቄዎችን መልስ ነው፦ እነማን ላይ ተሠራ? የት? ከምን ጋር ተነጻጸረ? «ታመመ» የተባለው ማን ነው? መቁጠር የተጀመረውስ መቼ ነው?

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀላል ናቸው። ልጆቹ ከ5 እስከ 36 ወር ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ቦታው ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኬንያና ታንዛኒያ፤ በአራቱ አገሮች አምስት ጣቢያ። አለቀ። ነፍሰ ጡር የለችበትም፣ ተማሪ የለበትም፣ ኢትዮጵያም የለችበትም። ይህን በወረቀታችሁ ጥግ ላይ ያዙት፣ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ሦስተኛው ላይ ቋንቋው ራሱ ወጥመድ አለው። ልጆቹ በሁለት ወገን የተከፈሉት ማንም መርጦ ሳይሆን በዕጣ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ «በዘፈቀደ ተመደቡ» ተብሎ ተተርጉሞ አያለሁ። ሳይንስ ላልተማረ ሰው «በዘፈቀደ» ማለት እንደመጣ፣ በግዴለሽነት ማለት ነው። እማማ ይህን ቢሰሙ «በሰው ልጅ ላይ በዘፈቀደ?» ብለው ቡናውን ይተዉት ነበር። «በዕጣ» በሉ። ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ ዕጣ ለምን እንደሚወጣ ያውቃል፤ ሰብሳቢው ለዘመዱ እንዳያደላ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። ሐኪሙ ደከም ያለውን ልጅ ወደ አንዱ፣ ጠንካራውን ወደ ሌላው እንዳይመድብ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ «የቁጥጥር ቡድን» የሚለው ነው። ይህን ሲሰማ ሰው ወደ አእምሮው የሚመጣው ተቆጣጣሪ ነው፤ ደረሰኝ የሚጠይቅ ዓይነት። «ማነጻጸሪያ» ማለት ይሻላል። በዚህ ጥናት ሁለት ሦስተኛው ልጅ የወባውን ክትባት ወሰደ። አንድ ሦስተኛው ደግሞ ለማነጻጸሪያ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወሰደ። ወላጆቹም ሆኑ ልጆቹን የሚመረምሩት ሰዎች ማን የትኛውን እንደወሰደ አያውቁም ነበር። ይህ ለምን ያስፈልጋል? ልጇ የወባ ክትባት እንደወሰደ ያወቀች እናት አጎበሩን ችላ ልትል ትችላለች። ሐኪሙም ሳይታወቀው አንዱን ወገን ጠበቅ አድርጎ ሊመረምር ይችላል። ካላወቁ ሁለቱን ወገን እኩል ያያሉ። ልጆቹ በሁለቱም ወገን አጎበር ይጠቀሙ እንደነበር አትርሱ። ጥናቱ የለካው ክትባቱ በአጎበር ላይ የጨመረውን እንጂ አጎበርን የሚተካ መሆኑን አይደለም።

አራተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ አሳጣሪ ይሰናከላል። «ወባ ያዘው» የሚለው ቃል በሰፈርና በጥናቱ ውስጥ አንድ አይደለም። እዚህ ጥናት ላይ ልጁ «ታመመ» ተብሎ የሚቆጠረው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ወይም በላይ ሲሆን፣ ደሙ ውስጥም በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ5,000 በላይ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ ሲገኝ። አንዲት የደም ጠብታ ብዙ ማይክሮ ሊትር ትይዛለች፤ ስለዚህ ይህ ብዙ ተሕዋስ ነው። ደሙ ውስጥ ጥቂት ተሕዋስ ይዞ እየሮጠ የሚጫወት ልጅ አልተቆጠረም። ይህን ቁጥር ለእማማ አልጽፍላቸውም፤ አይጠቅማቸውም። ግን የማስቀምጠውን ቃል ይወስንልኛል። «ወባ እንዳይገባ ያደርጋል» ሳይሆን «በወባ ከመታመም ያድናል» እላለሁ።

አምስተኛው ጥያቄ በአብስትራክቱ ውስጥ በግማሽ መስመር ያልፋል፣ እኔም መጀመሪያ አላየሁትም። መቁጠር የተጀመረው ሦስተኛው መርፌ ከተወጋ ከ14 ቀን በኋላ ነው። የተቆጠሩትም ሦስቱንም መርፌ የጨረሱ ልጆች ናቸው። አስቡት፤ አንዲት እናት ከገጠር መጥታ ሁለቱን አስወግታ ለሦስተኛው የትራንስፖርት ገንዘብ አጥታ ብትቀር፣ 75ም ሆነ 68 ስለ ልጇ አይናገርም። ለአንባቢዬ ከዚህ ክፍል አንዲት ነገር ብቻ ብመርጥ ይህችን ነው የምመርጠው።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩን ወደ ልጆች መልሱት

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ። «75 በመቶ» ማለት ከመቶ ልጅ ሰባ አምስቱ ተጠብቀው ሃያ አምስቱ ታመሙ ማለት አይደለም። ማነጻጸሪያ ነው፤ ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን አድርጎ የሚለካ። ያልተከተቡት ከታመሙበት መጠን በተከተቡት ላይ በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው።

ይህን በቃል ብቻ ብትሉት ማንም አይዘውም። ልጆች አድርጉት። እኔ እንደዚህ አደርጋለሁ። ክትባቱን ያልወሰዱ 100 ልጆች አሉ እንበል፤ በአንድ ዓመት 20ዎቹ በወባ ታመሙ። የተከተቡ ሌሎች 100 ልጆች ደግሞ አሉ፤ በዚያው ዓመት የታመሙት 5 ያህል ናቸው። ከ20 ወደ 5 መውረዱ ነው ያ 75 በመቶ። ተመልከቱ፤ ካልተከተቡትም 80ዎቹ አልታመሙም። ስለዚህ «ክትባቱ 75 ልጆችን አዳነ» ማለት አይቻልም፤ በዚህ ምሳሌ የዳኑት 15 ናቸው። ወባ በበዛበት ቦታ ይጨምራሉ፣ ባነሰበት ይቀንሳሉ።

ሃያው የኔ ምሳሌ ነው፤ ከጥናቱ የተገኘ አይደለም። ይህን በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ማለት አለባችሁ፤ አለዚያ ነገ አንዱ «ጥናቱ 20 ልጅ ታመመ ይላል» ብሎ ይጠቅሰዋል። ደርሶብኛል።

ከቁጥሩ ጎን ሌላ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። እዚህ ከ75 ጎን 71 እና 79፣ ከ68 ጎን 61 እና 74 አለ። ጥናቱ የሠራው በተወሰኑ ልጆች ላይ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ልክ 75 ላይ ላይቆም ይችላል፤ ከመረጃው ጋር የሚስማማው ከ71 እስከ 79 ያለው ነው። ለእማማ «ሰባ አምስት ገደማ» ማለት ይበቃል። «ገደማ» የምትለዋ ቃል ግን አትቅር። ስፋቱ ትልቅ ቢሆን፣ ለምሳሌ ከ10 እስከ 80፣ ያን ጊዜ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል። ፒ ቫልዩ የሚባለውን ግን ሙሉ በሙሉ ተዉት። በሦስት መስመር የሚያስረዳው ሰው እስካሁን አላየሁም።

ጉዳቱንም እዚሁ ጨምሩ። ከክትባቱ በኋላ ትኩሳት የያዛቸው ልጆች ከመቶ 47 ያህል ናቸው። ጥናቱ ይህን «ልጆቹ ክትባቱን በደንብ ችለውታል» በሚል ሐረግ ያልፈዋል፤ ለሐኪም ልክ ነው። ሌሊት ልጇ የተቃጠለባት እናት ግን አስቀድማ ልትሰማው ይገባል። ካልነገርናት ሦስተኛውን ታስቀራለች።

አራተኛ፦ ውስንነቱን ፈልጉ፣ ሁለት ዓይነት ነው

ጸሐፊዎቹ ራሳቸው የሚያምኑት ውስንነት ብዙ ጊዜ የራሱ ርእስ የለውም። ወደ መጨረሻው በውይይቱ ክፍል ውስጥ፣ ረጅም አንቀጽ መሐል ተሸጉጦ ይገኛል። ፋይሉን ከፍታችሁ Ctrl+F ተጫኑና `limitation` ብላችሁ ፈልጉ። ካልመጣ የውይይቱን የመጨረሻ ሦስት አንቀጾች በእጃችሁ አንብቡ።

ሁለተኛው ዓይነት ውስንነት ግን እዚያ የለም። በወረቀታችሁ ጥግ ላይ ከጻፋችሁት ነው የሚወጣው። ጸሐፊዎቹ ለዓለም ነው የጻፉት፤ እናንተ ለአንድ ሰፈር ነው የምትጽፉት።

እኔ የምጠቀምበት ፈተና አለ። እያንዳንዱን ውስንነት «ስለዚህ ይህን አናውቅም» በሚል ዓረፍተ ነገር እጨርሰዋለሁ። መጨረስ ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው። «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚለው አይቆጠርም፤ ለየትኛውም ጥናት ስለሚሆን ምንም አይናገርም።

እንሞክረው። ቁጥሩ የአንድ ዓመት ነው፤ ዓመት ሞልቶ ማጠናከሪያ የሚባለው አራተኛው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ያለው። ስለዚህ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ዓመት ስንት እንደሚሆን ከዚህ ቁጥር አናውቅም። ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። ከዚህ በፊት የወጣው አርቲኤስ-ኤስ የተባለው የወባ ክትባት በመጀመሪያው ዓመት ሕመሙን በግማሽ ያህል ቀንሶ ነበር። ልጆቹ አራት መርፌ ወስደው አራት ዓመት ገደማ ሲቆጠር ግን ቅናሹ ወደ 36 በመቶ ወርዷል። በነገራችን ላይ ሰው 75ን ከ36 ጋር አስተያይቶ «አዲሱ በእጥፍ ይበልጣል» ሲል ትሰማላችሁ። አንዱ የአንድ ዓመት ነው፣ ሌላው የአራት ዓመት። ቦታቸውም ልጆቻቸውም የተለያዩ ናቸው። በሁለት የተለያየ ሚዛን የተመዘነ ጤፍ አይነጻጸርም።

ሌላው፣ ሙከራው የተዘጋጀው ሕመምን ለመለካት ነው። እስከ ሞት የሚያደርስ ከባድ ወባ ግን ጥቂት ስለነበረ፣ ከሞት ስንት ልጅ እንደሚያድን ከዚህ ጥናት አናውቅም። «ሕይወት ያድናል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ከጥናቱ በላይ ተናግራችኋል።

የመጨረሻው የኛው ነው፤ ጸሐፊዎቹ ላይ የሚላከክ አይደለም። ክትባቱ የተሠራው ለፋልሲፓረም ነው። በኢትዮጵያ ግን ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነትም በሰፊው አለ። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚመለሰው እሱ ነው። ይህ ጥናት ስለ ቫይቫክስ ምንም አይነግረንም። ሐዋሳ ላለ አንባቢ ይህ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ የመጨረሻ መስመር ላይ አልቀብረውም። ግን «ጥናቱ እንዳለው» ብዬ አልጽፈውም። «እኛ ጋ ሲመጣ» ብዬ እጀምረዋለሁ፤ ጸሐፊዎቹ ያሉትና እኔ የጨመርኩት እንዲለይ።

ገንዘቡን ማን ሰጠ የሚለው አብስትራክቱ ግርጌ ላይ አለ። እዚህ ከሰጪዎቹ አንዱ ክትባቱን የሚያመርተው የሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት ነው። ይህ ጥናቱን ውሸት አያደርገውም፤ የክትባት ሙከራ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው የሚሠራው። በአንዲት መስመር ተናገሩትና እለፉ።

አምስተኛ፦ ገጣጥሙት፣ ከዚያ አስነግሩት

ሁለተኛው ጽሑፌ ይህ ነበር፦

«በማሊ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 36 ወር የሆኑ ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁለት እጁ አር21 የተባለውን የወባ ክትባት፣ አንድ እጁ ለማነጻጸሪያ የእብድ ውሻ ክትባት ወሰዱ። ሦስቱንም መርፌ የጨረሱት ልጆች ለአንድ ዓመት ሲታዩ፣ ወባ በወቅት በሚነሣበት ቦታ በወባ መታመም በ75 በመቶ ገደማ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚኖርበት ቦታ በ68 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ለምሳሌ (ቁጥሩ የኛ ነው) ካልተከተቡ 100 ልጆች 20 የሚታመሙ ቢሆን፣ ከተከተቡት 5 ያህሉ ይታመማሉ እንደማለት ነው። የትኞቹ አምስቱ እንደሆኑ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። እኛ ጋ ሲመጣ፣ ጥናቱ ኢትዮጵያ ውስጥ አልተሠራም፤ ክትባቱም ቫይቫክስ ለተባለው ሌላው የወባ ዓይነት የተዘጋጀ አይደለም። ከዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይና ከሞት ስንት ልጅ እንደሚያድን ከዚህ ውጤት አይታወቅም። ከመቶ ልጆች 47 ያህሉ ከክትባቱ በኋላ ትኩሳት ይዟቸዋል። ከገንዘብ ሰጪዎቹ አንዱ የክትባቱ አምራች ነው። ልጆቹ አጎበርም ይጠቀሙ ነበር።»

መፈተኛው ቀላል ነው። አንብቡለትና «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «ገብቶኛል» ይላል። «እስቲ ለጎረቤት እንደምትነግሪው ንገሪኝ» በሉ። ተናጋሪው የሚሳሳተው እናንተ በደንብ ያልጻፋችሁት ቦታ ላይ ነው።

እማማ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ሰሙኝና ለሠራተኛቸው ነገሯት። ሃያውንና አምስቱን በትክክል አሉ። ሦስቱ መርፌ ማለቅ እንዳለበት አሉ። «አጎበሩንም አናወልቅም» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «እነዚያን ሌሎቹን ልጆች ግን ውሻ የነከሳቸው መቼ ነው?» አሉኝ።

ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፍኳት፦ «አንድ እጁ፣ ውሻ የነካው ባይኖርም፣ ባዶ መርፌ ከሚወጉ የሚጠቅማቸውን ይውሰዱ ተብሎ የእብድ ውሻ መከላከያ ክትባት ወሰዱ።»